ጉርድ ፎቶ ከግቢያችን፦ የተዝረከረከውን ጀርባ አጥፍቶ ሰውን ብቻ ማስቀረት

(ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ለሚፈልጉ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስታነቡ «ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚለውን ቃል ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። ፎቶ ቤት ሄዶ መነሳት ጥሩ ነው። ነገር ግን ማመልከቻው ነገ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከእጃችሁ ያለውም ግቢ ውስጥ በስልክ የተነሳችሁት ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ እሱኑ ማስተካከል ይቻላል። ፎቶው ላይ እናንተ ጥሩ ናችሁ፤ ችግሩ ከኋላችሁ ያለው የልብስ ማድረቂያ ገመድ፣ የቆርቆሮ በርና ባሕር ዛፉ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ያንን ጀርባ አጥፍቶ ሰውን ብቻ ስለማስቀረት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ጀርባን ማጥፋት ቀላል ነው። ከባዱ ጠርዙ ነው፤ ፀጉር ከግድግዳ፣ ጆሮ ከግድግዳ፣ ትከሻ ከግድግዳ የሚገናኙበት ቀጭን መስመር። የተቆረጠ ፎቶ «የተለጠፈ ይመስላል» ሲባል የምትሰሙት ሁሉ ምንጩ እዚያ መስመር ላይ ነው። በስልክ ባንድ ንክኪ ጀርባ የሚያጠፉ መተግበሪያዎችም የሚሳሳቱት እዚያው ነው፤ የጎፈሬውን ዳር እንደ ቆብ ክብ አድርገው ይከረክሙታል፣ የጆሮን ጫፍ ይበላሉ፣ በሹሩባና በአንገት መካከል የቀረችውን የግድግዳ ቁራጭ ሳያነሱ ይተዋሉ። ስለዚህ ጊዜያችንን በሙሉ ለጠርዙ እንሰጣለን።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሥራ። አንዲት ተመራቂ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ውሃ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አለ። በግራ በኩል የልብስ ገመድ ያልፋል፣ ከታች የቆርቆሮው በር ጥግ ይታያል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ግድግዳው አልቆ ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ፀጉሯ ጎፈሬ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮት በነጭ ሸሚዝ ላይ ለብሳለች፤ ጆሮዋ ላይ ትንሽ የወርቅ ቀለበት ጉትቻ አለ። ፎቶው 3000 በ 4000 ፒክስል ነው፤ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚያወጣው መጠን ማለት ነው።

የምንሠራበት ፕሮግራም ጊምፕ ነው። ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። በምናሌው ላይ የሚነበቡትን ስሞች እንዳሉ እጠራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ፎቶውን በ3 ለ 4 ምጣኔ ከራስ በላይ ትንሽ ቦታ ትታችሁ እስከ ደረት ድረስ ቁረጡት። በዚህ ፎቶ ላይ 1500 በ 2000 ፒክስል ያህል ይቀራል። ወዲያውኑ ወደ ጉርድ ፎቶ መጠን አታሳንሱት። በትልቁ ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ ስታሳንሱት የእጃችሁ ትንንሽ ስህተት አብሮ ይጠፋል፤ አሳንሳችሁ ከሠራችሁት ግን አንድ የተሳሳተ ፒክስል እንኳ በግልጽ ይታያል።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይመጣል። ላጲስ አንስተው ግድግዳውን ማጥፋት ይጀምራሉ። በላጲስ የጠፋ ነገር ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት አይመለስም፤ ጆሮ ከበላችሁ ጆሮው ሄደ። በላጲስ ፋንታ ማስክ እንጠቀማለን። ማስክ ከፎቶው ጋር የሚያያዝ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጭ በሆነበት ቦታ ፎቶው ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይደበቃል፣ ግራጫ በሆነበት ደግሞ እንደ ስስ ነጠላ በከፊል ያሳያል። የፎቶው ፒክስል አይነካም፤ የተሳሳታችሁትን በነጭ ቀለም መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። ፀጉር የሚያምረው በዚያ ግራጫ ነው፤ የጎፈሬ ዳር ግማሹ ፀጉር ግማሹ አየር ስለሆነ ማስኩም እዚያ ላይ ግማሽ መሆን አለበት።

ታዲያ ያንን ማስክ ፀጉር በፀጉር በእጅ መሳል አያስፈልግም፤ ፎቶው ራሱ ይሰጠናል። ማንኛውም የዲጂታል ፎቶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሦስት ምስሎች የተሠራ ነው። ውሃ ሰማያዊው ግድግዳ በሰማያዊው ምስል ውስጥ በጣም ብሩህ ነው። ጥቁር ፀጉር በሦስቱም ውስጥ ጨለማ ነው። የሰው ቆዳ፣ ማንኛውም ዓይነት ይሁን፣ ቀይ ይበዛውና ሰማያዊ ያንሰዋል፤ ስለዚህ በሰማያዊው ምስል ውስጥ ፊትም ይጨልማል። ወርቅ ጉትቻም እንዲሁ። ሰማያዊ ግድግዳ ላይ የተነሳ ፎቶ ሲያዩት የማይመች ቢመስልም፣ ለዚህ ሥራ ግን እንዲህ የሚመች የለም።

አሠራሩ ይህ ነው። ፎቶውን በ `Shift+Ctrl+D` አባዙት። ከላይ ያለውን ቅጂ ይዛችሁ `Colors > Components > Extract Component` ውስጥ ግቡና `RGB Blue` የሚለውን ምረጡ። ቅጂው ግራጫ ምስል ይሆናል፤ ግድግዳው ብሩህ፣ ሴትየዋ ጨለማ። እኛ የምንፈልገው ግልባጩን ነው፤ ሰው ነጭ፣ ግድግዳ ጥቁር። `Colors > Invert` ይገለብጠዋል።

አሁን `Colors > Levels` ክፈቱ። ከታች ሦስት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። የግራውን ወደ ቀኝ ስትገፉት ደብዛዛው ሁሉ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ የቀኙን ወደ ግራ ስትስቡት ብሩህ የሆነው ወደ ነጭ ይመጣል። በዚህ ፎቶ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ግድግዳው 40 አካባቢ፣ ፀጉሩ ደግሞ 220 አካባቢ ነው እንበል። የግራውን 60 ላይ፣ የቀኙን 190 ላይ ብታቆሙት ግድግዳው ሙሉ ጥቁር፣ ፀጉሩ ሙሉ ነጭ ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው የጎፈሬው ዳር ግን ግራጫነቱን ይዞ ይቆያል። ቁጥሮቹ ከፎቶ ፎቶ ይለያያሉ። መቼ ማቆም እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጉም እንደጠፋ የግራውን ተዉት። ሁለቱን በጣም ካቀራረባችኋቸው ግራጫው ያልቅና የፀጉሩ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ያንን ካያችሁ ትንሽ ወደኋላ መልሱ።

ምስሉን አጉልታችሁ ስታዩት የጎፈሬው ግራ ዳር በሚገርም ሁኔታ ተለይቶ ታገኙታላችሁ። የተቀረው ግን ገና ነው። ነጩ ሸሚዝ በሰማያዊው ምስል ውስጥ ብሩህ ስለነበረ አሁን ጥቁር ቀዳዳ ሆኗል። ግንባር ላይ ያረፈ ብርሃንም፣ የዓይን ነጭም እንዲሁ። እነዚህ መሀል ላይ ያሉ ስለሆኑ አያስቸግሩም፤ ጠንካራ ዳር ያለው ብሩሽ ይዛችሁ በነጭ ሙሏቸው። ከጠርዙ ግን 10 ፒክስል ያህል ራቁ። በውጭ በኩል ያለውን ገመድ፣ በርና የመሳሰለውን በዚሁ ብሩሽ ጥቁር ቀቡት፤ እዚያም ጠርዙን አትንኩ። ጠርዙ ላይ የቀረ ጉድፍ ካለ የብሩሹን `Mode` ወደ `Overlay` ቀይሩና በነጭ ወይም በጥቁር በቀስታ እለፉበት። በዚህ ዓይነት አቀባብ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ነጭ ሳይነኩ ግራጫው ብቻ ወደፈለጋችሁት ወገን ይጠጋል፤ የፀጉሩ ቅርጽም አይበላሽም።

ትከሻው ሌላ ጉዳይ ነው። የኮት ትከሻ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለሆነ ፀጉሩን በለየንበት መንገድ ብትለዩት ይሻክራል። በተለይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከሰማያዊ ግድግዳ ጋር ሲሆን ልዩነቱ ያንሳል። እዚህ ላይ `Paths` መሣሪያን አንሱ፤ ቁልፉ `B` ነው። ከአንገት ጀምሮ እስከ ፎቶው ታችኛ ዳር ለአንድ ትከሻ ከ8 እስከ 12 ነጥብ ይበቃል። ነጥብ ስታኖሩ ጎትቱት፤ መስመሩ ይታጠፍላችኋል። ጀማሪ ሰው ነጥብ ያበዛና ትከሻውን ያንቀጠቅጠዋል። መስመሩን አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ፣ ማለትም ኮቱ ላይ አሳልፉት፤ በትክክል ድንበሩ ላይ ካሳለፋችሁት የግድግዳው ቀለም ይከተላችኋል። ዙሪያውን ከዘጋችሁ በኋላ `Enter` ስትጫኑ ወደ ምርጫ ይለወጣል። `Select > Feather` ውስጥ 2 ፒክስል ስጡትና ውስጡን በነጭ፣ ምርጫውን ገልብጣችሁ ደግሞ ከትከሻው ውጭ ያለውን ብቻ በብሩሽ ጥቁር ቀቡና ምርጫውን በ `Shift+Ctrl+A` ልቀቁት። ነጠላ ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ከሆነ የምትሠሩት፣ የነጠላውን ዳር ሁሉ በዚሁ መሣሪያ ነው መዞር ያለባችሁ፤ ነጭ ጨርቅና ብሩህ ግድግዳ በሰማያዊው ምስል ውስጥ ሁለቱም ብሩህ ስለሆኑ አይለያዩም።

ወደ ቀኙ እንምጣ፤ ባሕር ዛፉ ወዳለበት። ጥላ ውስጥ ያለ ቅጠልና ጥቁር ፀጉር በሰማያዊው ምስል ውስጥ እኩል ጨለማ ናቸው። ስለዚህ ማስኩ ላይ ጎፈሬውና ዛፉ አንድ ነጭ ክምር ሆነው ይታያሉ። ቅጠሉ ፀሐይ ካረፈበት `RGB Green` በሚለው ብትሞክሩት የተወሰነ ልዩነት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ቅጠል በአረንጓዴው ምስል ውስጥ ከፀጉር ይልቅ ይበራል። ጥላ ከሆነ ግን ካሜራው ያልመዘገበውን ልዩነት ማንም ፕሮግራም አያወጣውም። ያለው አማራጭ በእጅ መሳል ነው። የግራውን ዳር ተመልከቱ፤ ምን ያህል ይነፋል፣ ምን ያህል ይሳሳል። ያንኑ ቅርጽ በቀኝ በኩል በትንሽ ለስላሳ ጥቁር ብሩሽ፣ ከ3 እስከ 5 ፒክስል በሆነ፣ በነጥብ በነጥብ እየመታችሁ አውጡት። መስመር አትስሉ፤ የጎፈሬ ዳር መስመር የለውም። ፎቶውን እንደገና መነሳት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉትና ከዛፉ ርቃችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ግድግዳው መሀል ቆማችሁ ግድግዳው ሙሉ ጀርባችሁን እንዲሸፍን አድርጉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዛፉ ጋር ከመታገል ያ ይሻላል።

ከመቀጠላችን በፊት ጉትቻውን እዩት። ቀለበት ስለሆነ በመሀሉ ግድግዳው ይታያል። ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ቦታ ካልጠፋች ነጭ ጀርባ ላይ ቁልጭ ብላ ትወጣለች። በፀጉርና በአንገት መካከል፣ በክንድና በጎን መካከል ያሉ ክፍተቶችም እንዲሁ ናቸው። ሁሉንም በጥቁር ቀቧቸው።

ማስኩ ካለቀ በኋላ ወደ ፎቶው እናዛውረዋለን። `Ctrl+A` ከዚያም `Ctrl+C` ብላችሁ ግራጫውን ቅጂ ውሰዱ፤ የዓይኑን ምልክት ነክታችሁም ደብቁት። ዋናውን ፎቶ ምረጡና `Layer > Mask > Add Layer Mask` ውስጥ `White (full opacity)` የሚለውን ያዙ። ከዚያ `Ctrl+V`፣ ቀጥሎም `Ctrl+H`። ጀርባው ይጠፋል። ካልጠፋና ፎቶው ራሱ ግራጫ ከሆነ፣ የለጠፋችሁት ማስኩ ላይ ሳይሆን ፎቶው ላይ ነው፤ በ `Ctrl+Z` ተመለሱና የማስኩን ትንሽ ምስል ጠቅ አድርጋችሁ ድገሙት። በሥራው ሁሉ የቱ እንደተመረጠ የሚያሳየው በትንሹ ምስል ዙሪያ ያለው ነጭ ክፈፍ ነው።

አሁን ነጭ ጀርባ ለማስገባት አትቸኩሉ። ከፎቶው ሥር ሌየር የሚባል አዲስ ንጣፍ ፍጠሩና ደማቅ ቀይ ሙሉት። ነጭ ላይ የማይታይ ጉድፍ ቀይ ላይ ይጮሃል፤ ያልተቀባ የገመድ ቅሪት፣ ሳታስቡት የተበሳ ኮት፣ የተረሳ የግድግዳ ጥግ። ምስሉን 200 ፐርሰንት አጉልታችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ካስተካከላችሁ በኋላ ቀዩን ደብቁና በነጭ ተኩት።

ነጩ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይታያችኋል። የጎፈሬው ዳር ሰማያዊ ብርሃን የተቀባ ይመስላል። ማስኩ ተሳስቶ አይደለም። ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ፒክስል የፀጉሩንም የግድግዳውንም ቀለም ቀላቅሎ ነው የመዘገበው፤ ግድግዳውን ብታጠፉትም ቀለሙ ከፀጉሩ ጋር ቀርቷል። በተጨማሪም ሰው ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ከቆመ የግድግዳው ቀለም በአንገቱና በጉንጩ ዳር ይንጸባረቃል። መድኃኒቱ ማስኩን ትታችሁ የፎቶውን ትንሽ ምስል መምረጥ፣ የብሩሹን `Mode` ወደ `HSL Color` መቀየር፣ `Ctrl` ተጭናችሁ ከፀጉሩ መሀል ቀለም መቅዳትና በዳሩ ላይ ማለፍ ነው። ይህ አቀባብ ቀለሙን ብቻ ይለውጣል፤ ብርሃንና ጥላውን አይነካም፤ የፀጉሩ ቅርጽ እንዳለ ይቆያል። ለአንገት ከአንገት፣ ለጆሮ ከጆሮ ቅዱ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር በጥብቅ ልለምናችሁ። ብሩሹ እጃችሁ ላይ እያለ ፊታችሁን ማለስለስ፣ ቆዳችሁን ማንጣት ውስጥ አትግቡ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀርበው ሰውና ፎቶው አንድ መሆን አለባቸው።

ስለ ጀርባው ቀለም ብዙ የሚባል የለም። ማስታወቂያው ነጭ ካለ ነጭ። ምንም ካላለና ነጭ ሸሚዝ ወይም ነጠላ ከሆነ የለበሳችሁት፣ ትከሻችሁ ከወረቀቱ ጋር እንዳይቀላቀል በጣም የሳሳ ግራጫ ምረጡ፤ `#e6e6e6` ጥሩ ነው።

ገና ፎቶውን ያልተነሳችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከዓይን በታችና ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ እንዲህ ያለ ፊት ጥላ በሌለው ነጭ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ፣ ጠርዙ የቱንም ያህል ቢያምር የተለጠፈ ይመስላል። ፊታችሁን ወደ ክፍት ሰማይ አዙራችሁ በቤት ጥላ ሥር ቁሙ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ራቁ፤ ያኔ የግድግዳው ቀለም አንገታችሁ ላይ አይንጸባረቅም። ስልኩን የያዘው ሰውም ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ቀርቦ ካነሳችሁ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ያንሳል። «ፖርትሬት» የሚባለውን የስልክ አነሳስ አትጠቀሙ፤ እሱ ጀርባውን ሲያደበዝዝ የፀጉሩን ዳርም አብሮ ያደበዝዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትለዩት ጠርዝ አታገኙም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳም ፀጉር እየተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል፤ ጠዋት ይሻላል።

የመጨረሻው ሥራ ማስቀመጥ ነው፤ ልፋቱ ሁሉ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ሳታሳንሱ በፊት በጊምፕ በራሱ ፎርማት፣ በ `.xcf` አስቀምጡ፤ ሌላ ድርጅት ሌላ ቀለም ወይም ሌላ መጠን ሲጠይቅ ማስኩ ይኖራችኋል። ከዚያ `Image > Scale Image` ውስጥ ግቡ። 3 በ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጉርድ ፎቶ በኢንች 300 ፒክስል ጥራት የሚያስፈልገው 354 በ 472 ፒክስል ነው። የኢንተርኔቱ ቅጽ የራሱን መጠን ከጻፈ ያንን ተከተሉ። ከ1500 ወደ 354 ሲወርድ አራት ፒክስል አንድ ይሆናል፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ትጠፋለች፣ የጎፈሬው ልስላሴ ግን ይቀራል። ዘለላ በዘለላ መልፋት አያስፈልግም ያልኩት ለዚህ ነው።

`File > Export As` ብላችሁ ስሙን በ `.jpg` ጨርሱት፤ ጥራቱን 90 አድርጉት። በዚህ መጠን ፋይሉ ከ100 ኪሎባይት በታች ይሆናል። `.jpg` ባዶ የሆነ ጀርባን መያዝ አይችልም፤ ነጩን ሌየር ሳታስገቡ ከላካችሁት ፕሮግራሙ ያገኘውን ቀለም ይሞላበታል፣ አንዳንዱም ጥቁር ያደርገዋል። `.png` ባዶውን ጀርባ ይይዛል፤ ነገር ግን ተቀባዩ ጥቁር ገጽ ባለው ስክሪን ከከፈተው ጥቁር ጎፈሬ ከጥቁሩ ጋር ይዋሃድና ፊት ብቻ ይቀራል። ለማመልከቻ ጀርባው የተሞላ `.jpg` ላኩ። ከላፕቶፕ ወደ ስልክ በቴሌግራም የምታሳልፉት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም እንደገና ይጨምቀዋል፣ በጎፈሬው ዳርና በነጩ መካከልም ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ ይፈጠራል። የደረሰውን ፋይል ከፍታችሁ፣ የስልካችሁን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋችሁ የፀጉሩንና የትከሻውን ዳር እዩ፤ ነጠብጣቡ ከሌለ ቅጹ ላይ ጫኑት።